በእጅ በተጻፉ ሰነዶች ላይ የሚመሳሰሉ ፊደላትን ለመለየት የሚረዳ ማብራሪያ

በእጅ የተጻፈ የልደት፣ የጋብቻ ወይም የትምህርት ማስረጃ ይዘው አገልግሎት ለማግኘት የሚቀርቡ ባለጉዳዮች፣ ስማቸው በአንዱ ሰነድ ላይ በአንድ መልክ፣ በሌላው ላይ ደግሞ በአንድ ፊደል ተለውጦ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። የዚህ ልዩነት ምክንያት ሁልጊዜ የጸሐፊው ስህተት አይደለም። ጸሐፊው በትክክል የጻፈውን ፊደል ቀጥሎ የመጣው አንባቢ በሌላ ፊደል አንብቦት፣ በዚያው መልክ ወደ አዲሱ ሰነድ ገልብጦት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሚጠራ፣ በአንድ አባት ስም ላይ የተፈጠረ የአንድ ፊደል ልዩነት በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ሰነዶች ላይ ሁሉ ይከተላል።

ይህ ማብራሪያ በጥድፊያ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ በትንሽ ጭረት፣ በእግር ርዝመት ወይም በቀለበት ብቻ የሚለያዩ ፊደላት እንዴት እንደሚለዩ ያስረዳል። በድምፅ አንድ ሆነው በቅርጽ የሚለያዩትን ማለትም ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የመሳሰሉትን አይመለከትም። እነዚህ የአጻጻፍ ምርጫ ጉዳዮች ሲሆኑ የስሙን ንባብ አይለውጡም።

በቀኝ እግር ላይ የሚቀጠሉ ምልክቶች

ከፊደል ገበታው ሰባት ረድፎች መካከል በእጅ ጽሑፍ ይበልጥ የሚምታቱት ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ ናቸው። ለዚህም ምክንያቱ የሦስቱም ምልክት በፊደሉ ቀኝ እግር ላይ የሚቀጠል መሆኑ ነው። በካዕብ ማለትም በሱ፣ በቡ፣ በሉ እና በዱ ላይ ጭረቱ ከእግሩ ወገብ ወደ ቀኝ ይወጣል። በሣልስ ማለትም በሲ፣ በቢ፣ በሊ እና በዲ ላይ ያው ጭረት ከእግሩ ጫፍ ይወጣል። በኃምስ ማለትም በሴ፣ በቤ፣ በሌ እና በዴ ላይ ደግሞ በእግሩ ጫፍ ላይ በጭረት ፋንታ ቀለበት ይገኛል። እንደ ነ እና ተ ያሉ ባለ አንድ እግር ፊደላትም ኑ፣ ኒ፣ ኔ እና ቱ፣ ቲ፣ ቴ ሲባሉ ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ።

እጅ ሲፈጥን ሁለት ነገሮች ይከሰታሉ። አንደኛ፣ የካዕብ ጭረት ከወገብ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ በዚህም ሱ የተባለው ፊደል ሲ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የኃምስ ቀለበት ይጨፈለቃል፤ መካከሉ በቀለም ይሞላና ሴ የተባለው ፊደል እርሱም ሲ ይመስላል። ስለዚህ በጥድፊያ ጽሑፍ ላይ በሣልስ መልክ የታየ ፊደል ወዲያውኑ ሣልስ ነው ተብሎ መወሰድ የለበትም። ከላይ የወረደ ካዕብ ወይም የተጨፈለቀ ኃምስ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱን ለመለየት ከምልክቱ ቅርጽ ይልቅ ምልክቱ ከእግሩ ጋር የተያያዘበትን ነጥብ ማየት ይጠቅማል። በዚህ ረገድ የሚከተሉት መለያዎች ይረዳሉ።

ጅራት፦ ከጭረቱ በታች የእግሩ ቅሪት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ከታየች ፊደሉ ካዕብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሣልስና ኃምስ ከእግሩ ጫፍ ስለሚጀምሩ ከበታቻቸው የሚቀር እግር የለም።

የብዕር መነሳት፦ ሣልስንና ኃምስን የሚጽፍ ሰው እግሩን ወደ ታች ስቦ ሲጨርስ ብዕሩን ሳያነሳ ወደ ቀኝ ሊያዞር ይችላል፤ በመሆኑም መገናኛው ብዙ ጊዜ እንደ ክርን የታጠፈ ወይም የተጠማዘዘ ነው። ካዕብን የሚጽፍ ሰው ግን እግሩን ከጨረሰ በኋላ ብዕሩን አንሥቶ ወደ ወገቡ መመለስ አለበት። ስለዚህ በጭረቱና በእግሩ መካከል ክፍተት መታየቱ፣ ወይም ጭረቱ እግሩን አቋርጦ በግራ በኩል ትንሽ ብቅ ማለቱ ካዕብን ያመለክታል።

የጭረቱ ጫፍ፦ የተጨፈለቀ ቀለበት መካከሉ ባይታይም መጨረሻው ወደ እግሩ ይመለሳል፤ ከተራ ጭረትም ወፈር ይላል። የሣልስ ጭረት ግን ወደ ቀኝ ሄዶ በዚያው ይቀራል።

ይህ ሥርዓት በሁሉም ፊደላት ላይ እኩል አይሠራም። ረ እና ፈ ከግርጌያቸው የራሳቸው አግድም መሠረት ስላላቸው በእነርሱ ላይ የጅራት መለያ አያገለግልም። ገብሩንና ገብሬን፣ ፍቅሩንና ፍቅሬን ለመለየት መታየት ያለበት ቀለበት መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ሳድስም፣ ማለትም እንደ ስ፣ ብ እና ል ያለው፣ ለሁሉም ፊደላት የሚሆን አንድ ወጥ ምልክት ስለሌለው በየፊደሉ መታወቅ ይኖርበታል።

የእግር ርዝመት፦ ራብዕና ሳብዕ

እንደ በ፣ ሰ፣ ከ እና ደ ያሉ ባለ ሁለት እግር ፊደላት ራብዕ ሲሆኑ ግራ እግራቸው ያጥራል፤ ሳብዕ ሲሆኑ ደግሞ ቀኝ እግራቸው ያጥራል። ባ እና ቦ፣ ሳ እና ሶ፣ ካ እና ኮ፣ ዳ እና ዶ በዚህ ብቻ ይለያያሉ። ከግዕዙ የሚለያቸውም ይኸው ነው፤ በ ሁለት እኩል እግሮች ሲኖሩት ባ ግን በቀኝ እግሩ ላይ ብቻ ይቆማል።

አስቸጋሪው ነገር በጥድፊያ የሚጽፍ ሰው የግዕዙን እግሮችም አስተካክሎ የማይጽፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ለብቻው ታይቶ «ግራው አጥሯል» ማለት አይበቃም፤ መመዘኛው በዚያው እጅ የተጻፈ ሌላ ተመሳሳይ ፊደል ነው። ለምሳሌ አበበ የወንድ፣ አበባ ደግሞ የሴት ስም ሲሆን፣ ሁለቱን የሚለያቸው የመጨረሻው ፊደል ግራ እግር ነው። በሁለቱም ስሞች ውስጥ ሁለተኛው ፊደል በ መሆኑ ስለማያጠራጥር፣ እርሱ ራሱ ሚዛን ይሆናል። የመጨረሻው ፊደል ከሁለተኛው ጋር አንድ ዓይነት አቋም ካለው ስሙ አበበ ነው፤ ግራ እግሩ ከሁለተኛው ግራ እግር በግልጽ ካጠረ አበባ ነው። መስመር ባለው ወረቀት ላይ ደግሞ ከሁለቱ እግሮች የትኛው መስመሩን እንደነካ ማየት ይረዳል። በሰነዱ ላይ ጾታ የተጻፈ ከሆነም ንባቡን ከእርሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

በትውልድ ቦታ ላይ ለሚፈጠር መምታታት አሶሳና አሳሳ ጥሩ ማሳያ ናቸው። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ ስትሆን፣ አሳሳ በኦሮሚያ ክልል ምዕራብ አርሲ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። በጽሑፍ የሚለያዩት በመካከለኛው ፊደል አጭር እግር ብቻ ነው። እዚህም ላይ ሚዛኑ በስሙ ውስጥ አለ፤ የመጨረሻው ፊደል በሁለቱም ሳ ነው። መካከለኛውና የመጨረሻው ፊደል አንድ ዓይነት ከሆኑ ቦታው አሳሳ ነው። አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ በግራ እግሩ ሌላው በቀኝ እግሩ ከቆመ፣ ቦታው አሶሳ ነው። በቆየ ሰነድ ላይ ከቦታው ስም አጠገብ አርሲ ወይም ወለጋ የሚል ቃል ከተገኘ ንባቡን ያረጋግጣል።

የአናት ጭረት

ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ እና ጀ ከሰ፣ ከተ፣ ከነ፣ ከከ፣ ከዘ እና ከደ የሚለዩት በአናታቸው ላይ በሚጨመረው ጭረት ነው። ይህ ጭረት በጥድፊያ ጽሑፍ ላይ በሦስት መንገድ ይጠፋል ወይም ቦታውን ይለቅቃል። ጸሐፊው ቃሉን ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ስለሚያኖረው ጭረቱ በጎረቤት ፊደል ላይ ሊያርፍ ይችላል። የቅጹ የታተመ መስመር ከፊደሉ አናት ጋር ከተጠጋ ጭረቱ ከመስመሩ ጋር ተዋህዶ አይታይም። ቀጭን ጭረት ደግሞ በፎቶ ኮፒ ላይ ላይወጣ ይችላል።

በዚህ ዓይነት ልዩነት ላይ ስሙ ራሱ ብዙ ጊዜ ይናገራል። «አሰናፊ»፣ «ደሳለን» ወይም «ተሶመ» ተብሎ የተነበበ ስም በተለመደው አጠራር አሸናፊ፣ ደሳለኝ እና ተሾመ መሆኑን ለመገመት አያስቸግርም። ግምቱ ግን በዋናው ሰነድ ላይ ጭረቱን በመፈለግ መረጋገጥ አለበት። ጭረት አልባው ንባብም ትርጉም የሚሰጥ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። ጅማ የሚለው የቦታ ስም የአናቱ ጭረት ሲጠፋ ድማ ይሆናል፤ ድማ ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኝ የታወቀ ቦታ ነው። እንዲህ ሲሆን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ጀ ወይም ጅ ያለበት ሌላ ቃል ተፈልጎ፣ ጸሐፊው ጭረቱን የማስቀመጥ ወይም የመዝለል ልማድ ያለው መሆኑ ይታያል።

ሚዛን የሚሆኑ ቃላትን ከሰነዱ ውስጥ ማውጣት

ከላይ እንደተገለጸው አጠራጣሪ ፊደል የሚመዘነው በዚያው እጅ በተጻፈና ንባቡ በማያጠራጥር ቃል ነው። በሰነዶች ላይ እንዲህ ያሉ ቃላት አይጠፉም። በተለይ የወራት ስሞች ጠቃሚ ናቸው፤ በነሐሴ ውስጥ ሴ፣ በሰኔ ውስጥ ኔ፣ በሐምሌ ውስጥ ሌ፣ በየካቲት ውስጥ ቲ፣ በመጋቢት ውስጥ ቢ፣ በግንቦት ውስጥ ቦ አለ። ቀበሌ የሚለው ቃል ሌን፣ አዲስ አበባ የሚለው ዲን እና ባን፣ «መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚለው የማረጋገጫ ሐረግ ደግሞ ኑን ያሳያሉ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እነዚህ ቃላት በእጅ የተጻፉ እንጂ በቅጹ ላይ አስቀድመው የታተሙ አለመሆናቸውን፣ እንዲሁም ስሙን የጻፈው እጅ ራሱ የጻፋቸው መሆናቸውን ነው። የቀለሙ ዓይነትና የጽሑፉ ዘመም ማለት ይህንን ለመለየት ይረዳል።

ምሳሌ፦ ንጉሱ ወይስ ንጉሴ

አንድ ባለጉዳይ በ1978 ዓ.ም. በእጅ የተጻፈ የልደት ማስረጃ አለው እንበል። የአባቱ ስም በትምህርት ማስረጃው ላይ ንጉሴ ተብሎ ሰፍሯል፤ ቤተሰቡ ግን ስሙ ንጉሱ ነው ይላል። ሁለቱም የተለመዱ የወንድ ስሞች በመሆናቸው ስሙን በመስማት ብቻ መወሰን አይቻልም። በልደት ማስረጃው ላይ የመጨረሻው ፊደል ሲታይ ሲ ይመስላል። ንጉሲ ግን በአማርኛ የተለመደ ስም ስላልሆነ፣ ፊደሉ የወረደ ሱ ነው ወይስ የተጨፈለቀ ሴ የሚለው መለየት አለበት።

በመጀመሪያ ስሙ በሰነዱ ላይ የተጻፈባቸው ቦታዎች ሁሉ ይፈለጋሉ። በዚህ ሰነድ ላይ ስሙ በአባት ስም መስመርና በማረጋገጫው ሐረግ ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ ተጽፏል እንበል። ቀጥሎ ሚዛን የሚሆኑ ቃላት ይወጣሉ። የልደቱ ወር ነሐሴ ስለሆነ የጸሐፊው ሴ በሰነዱ ላይ አለ፤ በሐረጉ መጨረሻ ላይም «መሆኑን» የሚለው ቃል የጸሐፊውን ካዕብ ያሳያል።

የነሐሴ ሴ ሲታይ ቀለበቱ ተጨፍልቋል፤ መካከሉ አይታይም። ነገር ግን ከእግሩ ጫፍ ጀምሮ በክርን ታጥፏል፤ መጨረሻውም ወደ እግሩ ተመልሶ ወፍሯል። የ«መሆኑን» ኑ ሲታይ ደግሞ ጭረቱ ከወገቡ ወርዶ ወደ ጫፉ ቀርቧል፤ ይሁን እንጂ ከበታቹ አጭር ጅራት ቀርቷል፤ በጭረቱና በእግሩ መካከልም ክፍተት አለ። ከዚህ የምንረዳው ይህ ጸሐፊ ካዕብን ዝቅ አድርጎ፣ ኃምስን ደግሞ ጨፍልቆ የሚጽፍ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ስሙ መመለስ ይቻላል። በአባት ስም መስመር ላይ ያለው ፊደል የቅጹን የታተመ መስመር ስለነካ ጅራት ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። በማረጋገጫው ሐረግ ውስጥ ያለው ግን ከጭረቱ በታች አጭር ጅራት አለው፤ ጭረቱም እግሩን በግራ በኩል በትንሹ አቋርጧል። ይህ ከነሐሴ ሴ ጋር አይገጥምም፤ ከ«መሆኑን» ኑ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ በሰነዱ ላይ የተጻፈው ስም ንጉሱ ነው። የትምህርት ማስረጃውን የሞላው ሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ በኃምስ እንዳነበበው መገመት ይቻላል። ስሙ በሠ ማለትም ንጉሡ ተብሎ የተጻፈ ቢሆን ኖሮም የአሠራሩ መንገድ ያው ነው።

ይህ ንባብ የሚያረጋግጠው በዚያ ሰነድ ላይ ምን እንደተጻፈ ብቻ ነው። ጸሐፊው ስሙን በተሳሳተ መንገድ ሰምቶ ጽፎት ከሆነ ያንን በፊደል ምርመራ ማወቅ አይቻልም፤ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ባለጉዳዩ ራሱ ቅጽ ሲሞላ

በእጅ የሚሞላ ቅጽ ላይ ፊደላቱን አለማያያዝ፣ የካዕብን ጭረት ከበታቹ እግሩ በግልጽ እንዲታይ ከፍ አድርጎ ማኖር፣ የኃምስን ቀለበት ክፍት መተው፣ የአናት ጭረትንም ቃሉ እስኪያልቅ ሳይቆዩ ከፊደሉ ጋር አብሮ መጻፍ ይገባል። በራብዕና በሳብዕ የሚያጥረውን እግር ወደ ግማሽ ያህል ማሳጠር ንባቡን የማያሻማ ያደርገዋል።

ስም በቃል ወይም በስልክ ሲነገር አጠራጣሪውን ፊደል በታወቀ ቃል ማስረዳት ይቻላል፤ ለምሳሌ «መጨረሻው የእሱ ሱ ነው» ወይም «የሴት ሴ ነው» ማለት በቂ ነው። አዲስ የምስክር ወረቀት ከመታተሙና ከመፈረሙ በፊትም ሠራተኛው ያስገባውን ስም ባለጉዳዩ በዓይኑ አይቶ ፊደል በፊደል ማንበብ አለበት። ሲነበብለት መስማት ብቻ በቂ አይደለም፤ አንባቢው የሚያውቀውን ስም እንጂ የተጻፈውን ላያነብ ይችላልና።

ፊደሉ ሳይለይ ሲቀር

ፎቶ ኮፒ ቀጫጭን ጭረቶችን ስለሚያጠፋ ምርመራው በዋናው ሰነድ ላይ መደረግ አለበት። ሰነዱን በብርሃን አጋድሞ ማየት ብዕሩ በወረቀቱ ላይ የተወውን ጭምቅ መስመር ሊያሳይ ይችላል፤ የተጨፈለቀ ቀለበትን ለማየትም አጉሊ መነጽር ይረዳል። ይህም ካልበቃ ማስረጃው የተሰጠበት መዝገብ እንዲታይ ሰነዱን ለሰጠው አካል ማመልከት ይቻላል። ያው ስም በመዝገቡ ላይ ሰፋ ባለ ቦታ፣ ምናልባትም በሌላ እጅ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በዚያው ዘመን የተሰጡ ሌሎች ማስረጃዎችም አብረው ይቀርባሉ።

ባለጉዳዩ ፊደሉን ግልጽ ለማድረግ በማሰብ በሰነዱ ላይ ጭረት መጨመር፣ መደለዝ ወይም በቀለም ማድመቅ የለበትም። ትክክለኛውን ፊደል ያደመቀ ቢሆንም እንኳ በሁለት ቀለም የተጻፈ ስም ሰነዱን በሙሉ አጠራጣሪ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላም የመጀመሪያውን ጭረት መመርመር አይቻልም። የተመዘገበን ስም ማረም የሚቻለው በመዝጋቢው አካል ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ለዚህ የሚቀርብ ማመልከቻ አጠራጣሪው ፊደል በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ፣ እንዴት እንደተነበበና በሰነዱ ውስጥ ከየትኛው ቃል ጋር ሊመሳከር እንደሚችል ቢገልጽ፣ መርማሪው ሠራተኛ ነጥቡን በቀጥታ እንዲያይ ይረዳዋል።